ከሹሩባው በፊት፣ ከሹሩባው በኋላ፦ የደንበኛን ፈቃድና ገመና ጠብቆ የሥራ ፎቶ ማንሳት

ያለቀ ሹሩባ ብቻውን ሲታይ ያምራል፤ ፀጉር ሠሪዋ ምን ያህል እንደለፋችበት ግን አይናገርም። ከጎኑ ፀጉሩ ሲመጣ የነበረበት ሁኔታ ሲቀመጥ ነው ተመልካች «ይቺ ልጅ እጅ አላት» የሚለው። ችግሩ ያቺ የመጀመሪያዋ ፎቶ ደንበኛዋ ለማንም ማሳየት የማትፈልገውን ነገር መያዟ ነው። ሻሿን ፈትታ፣ ፀጉሯ ሳይታጠብ፣ የግንባሯ ዳር ሳስቶ የተነሳችው ፎቶ ናት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ስለ «በፊት» ፎቶ ነው። «በኋላ»ን ደንበኛዋ ራሷ ታነሳዋለች።

ነገሩን በአንድ የተለመደ ሥራ እንየው። ለዓመታት ጠበቅ ያለ ሹሩባ ስትሠራና ሂውማን ሄር በማጣበቂያ ስታስለጥፍ የቆየች ደንበኛ በጆሮ ግንዷ በኩል ያለው ፀጉር ሸሽቶባታል። ሥራው ዳሩን ሳይነኩ ላላ አድርጎ መሥራት፣ ማጣበቂያውን ማስቆም፣ ከዚያም በየጊዜው ማየት ነው። ለውጥ ከመጣ የሚታየው ከወራት በኋላ ስለሆነ ዛሬ የሚነሳው ፎቶ ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ሁኔታ ሊደገም የሚችል መሆን አለበት። ፈቃዱም እንዲሁ ሦስት ወር የሚቆይ መሆን አለበት።

ፈቃዱ ሁለት ጥያቄ ነው

ብዙ ሳሎን ውስጥ «ፎቶ ላንሳሽ?» ተብሎ «እሺ» ከተባለ ነገሩ እንዳለቀ ይቆጠራል። ደንበኛዋ የፈቀደችው ግን መነሳቱን ብቻ ነው። ቴሌግራም ቻናል ላይ መውጣቱ ሌላ ጉዳይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አንቀጽ 27 ላይ የሚይዘው ይህንኑ ሁለተኛውን ነው፦ የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ አይችልም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰጠችውን ፈቃድ መልሳ መውሰድ እንደምትችል ይደነግጋል። አንዴ «እሺ» ያለች ሁሌ እሺ አለች ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚጠየቀው ቀጠሮ ሲያዝ ነው፣ ካልሆነም ከመቀመጧ በፊት። ፀጉሯ ግማሽ ተፈትቶ፣ አንገቷ ላይ ፎጣ ታስሮ፣ ጭንቅላቷ እጃችሁ ውስጥ እያለ የሚጠየቅ ጥያቄ ጥያቄ አይባልም። ተነስታ መሄድ አትችልማ። አነጋገሩ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ለውጡን እንድናየው ከጎንና ከጀርባ ፎቶ ላንሳሽ? ለእኔና ላንቺ ነው፣ የትም አይወጣም። ላወጣው ብፈልግ መጀመሪያ አሳይቼሽ እጠይቅሻለሁ። ባትፈልጊም ሥራው ያው ነው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። ለእናት ዕድሜ ደንበኛ «ላንሳዎት?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ የግድ ነው፤ በአንቺታ የተጠየቀች ትልቅ ሰው ተቆጥታ እንቢ ትላለች፣ ወይም አፍራ እሺ ትላለች።

ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው ሁለቱ ፎቶዎች ተነስተው ካለቁ በኋላ ነው። ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስልኩን እጇ ላይ ስጧት፤ የምትለጥፉትን ራሱን፣ ተቆርጦና ጽሑፉ ተጨምሮበት ትየው። ያላየችውን ነገር ልትፈቅድ አትችልም። በሌላ ደንበኛ ፊት አትጠይቋት፤ ስለ ሳሳ ፀጉር ጮክ ብሎ ማውራቱ ራሱ ገመና ማውጣት ነው።

አሁን የእኛ አገር ትልቁ ችግር ይሉኝታ ነው። ፀጉሯን አሳምራችሁላታል፣ ቡና አቅርባችሁላታል፣ እንቢ ማለት ይከብዳታል። ስለዚህ አፏ የሚለውን ብቻ አትስሙ። «እስቲ እናያለን» ማለት እንቢ ነው። «ፊቴ እንዳይታይ ብቻ» ብላ እጇን ወደ ግንባሯ ዳር ከሰደደች፣ የሚያሳፍራት ፊቷ ብቻ አይደለም። «እንደፈለግሽ» ብላ ዓይኗን ከእናንተ ላይ ካነሳች የፈለጋችሁት እናንተ ናችሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መልስ እንደ እንቢታ ቁጠሩትና ፎቶውን አታውጡ። ከተቻለ ደግሞ የሚጠይቃት ፀጉሯን የሠራው ሰው ባይሆን ይሻላል፤ ሒሳብ የምትቀበለዋ ልጅ ስትጠይቃት እንቢ ማለት ይቀላል። ቅናሽ ለፎቶ መስጠትን በተመለከተ ሰው የተለያየ ሐሳብ አለው። እኔ አልደግፈውም፦ መቶ ብር የተቀነሰላት ሴት ሐሳቧን ስትቀይር ብሩን መመለስ ያለባት ይመስላታል፣ ስለዚህም ዝም ትላለች።

ፊት መሸፈን ምንም የማይጠቅምበት ሁኔታ አለ። ሒጃብ የምትለብስ ደንበኛ የምትጠብቀው ፀጉሯን ነው። ፊቷን ቆርጣችሁ ፀጉሯን ብትለጥፉ የሸፈነችውን ገልጣችሁ ማንነቷን ብቻ ደበቃችሁ። አንዳንዷ ትፈቅዳለች፣ መብቷ ነው። ጉዳዩን እሷ ካላነሳችው ግን እናንተ አታንሱባት፤ ከፈቀደችም ማን እንደሚያነሳትና ስልኩን ማን እንደሚያየው ቀድማ ትወቅ። በገልፍ አገሮች ለሚሠሩ እህቶቻችን ይህ ነገር የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

በጽሑፍ የሚያዘው

ረጅም ቅጽ ማንም አያነብም። ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ ቦታው ግን በደንብ መለየት አለበት፣ ምክንያቱም ጠረጴዛ ላይ ያለ አልበምና ቲክቶክ አንድ አይደሉም። እንዲህ መጻፍ ይቻላል፦

«እኔ የፀጉሬ ፎቶ ከሥራው በፊትና በኋላ እንዲነሳ ፈቅጃለሁ / አልፈቀድኩም። እንዲታይ የፈቀድኩት፦ ሳሎን ውስጥ ባለ አልበም ☐ በቴሌግራም ቻናል ☐ በኢንስታግራምና በቲክቶክ ☐ በሚከፈልበት ማስታወቂያ ☐። ፊቴ፦ ይታይ ☐ አይታይ ☐። ከዚህ ቀን በፊት አይውጣ፦ ______። ፎቶውን የሚጠቀመው፦ ሳሎኑ ☐ ፀጉር ሠሪዋ ☐። በማንኛውም ጊዜ አውርዱልኝ ማለት እችላለሁ፤ ለዚህ የምደውልበት ቁጥር፦ ______።»

ሁለት መስመሮች ማብራሪያ ይፈልጋሉ። «ከዚህ ቀን በፊት አይውጣ» የሚለው ለሙሽሮች ነው። የሙከራ ሥራ ከሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይሠራል፤ በማግስቱ ቻናል ላይ ከወጣ ሙሽራውም ዘመዱም ሁሉ ቀድሞ አየው ማለት ነው። «ፎቶውን የሚጠቀመው» የሚለው ደግሞ ፀጉር ሠሪ ሳሎን ስትቀይር ለሚነሳው ጭቅጭቅ ነው። ልጅቷ ፎቶዎቹን ይዛ ትሄዳለች፣ አሠሪዋ የኔ ናቸው ይላል፣ ደንበኛዋ ደግሞ የፈቀደችው ለማን እንደሆነ አልተጠየቀችም። ከመጀመሪያው ብትጠየቅ ነገሩ ያልቃል።

ወረቀት የማይመቻችሁ ከሆነ ይህንኑ ጽሑፍ በቴሌግራም ልካችሁ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ፤ ቀኑ ከነሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀራል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆነች ልጅ ወላጅ ይፈርም፣ ልጅቷም ራሷ ትጠየቅ። እናቷ ፈቅዳ እሷ የምታለቅስበትን ፎቶ አታውጡ። አውሮፓ ውስጥ ሳሎን ያላችሁ ደግሞ በዚያ ያለው የዳታ ሕግ ፈቃድን መልሶ መውሰድ እንደ መስጠቱ ቀላል መሆን አለበት ስለሚል፣ የመጨረሻው መስመር ለእናንተ አማራጭ አይደለም።

ማንሳቱ

እዚህ ላይ ዋናው ነገር አንድ ነው፦ በሁለቱ ፎቶዎች መሃል ከፀጉሩ በስተቀር ምንም ነገር አይለወጥ። የመጀመሪያው በኒዮን መብራት፣ ሁለተኛው በሪንግ ላይት ከተነሳ የሳሳ ፀጉር እንኳ የሞላ ይመስላል። ይህ ደንበኛዋንም ቀጣዩን ደንበኛም ማታለል ነው።

ቦታውን አንዴ ምረጡና አትለውጡት። መስኮት ያለበት ጎን፣ ከጀርባ ነጭ ወይም ግራጫ ግድግዳ፣ መስታወት የሌለበት አቅጣጫ። ወንበሩ የሚቆምበትንና የምታነሱበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ በመሃላቸው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይበቃል። በካሜራው 2x ላይ አንሱ። ተጠግቶ በ1x ማንሳት ግንባርን ያሰፋዋል፣ የሳሳውንም ቦታ ከሆነው በላይ ትልቅ ያስመስለዋል። የሳሎኑን መብራት አጥፉ፤ የመስኮት ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ሲቀላቀሉ ፀጉሩ በአንድ በኩል ሰማያዊ በሌላው ቢጫ ይሆናል። ፀሐይ በቀጥታ የምትገባ ከሆነ ስስ መጋረጃ ጋርዱ። ፍላሽ፣ ፖርትሬትና የፊት ማሳመሪያ ሁሉ ይጥፉ። ፖርትሬት የጀርባውን ሲያደበዝዝ የጆሮ ግንዱን ቀጫጭን ፀጉር አብሮ ይበላዋል፣ እኛ ደግሞ የምናሳየው እሱን ነው።

ጥቁር ፀጉር ስልክን ያሳስተዋል። ካሜራው ጨለማ ያየ መስሎት ብርሃኑን ከፍ ያደርገዋል፣ የራስ ቆዳውም ነጥቶ ይወጣል። ፀጉሩና ቆዳው የሚገናኙበት ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ያዙ፤ አይፎን ላይ AE/AF LOCK የሚል ይወጣል፣ ብዙ አንድሮይዶች ላይ ደግሞ የቁልፍ ምልክት ይመጣል። ከዚያ ጣታችሁን ወደ ታች ትንሽ ሳብ አድርጋችሁ የቆዳው ቀለም እውነተኛውን ሲመስል አንሱ።

ለያዝነው ሥራ የሚያስፈልገው አራት ፎቶ ነው፦ የግራ ጆሮ ግንድ፣ የቀኝ ጆሮ ግንድ፣ ግንባር፣ ጀርባ። ፀጉሩ ታጥቦ ደርቆ፣ ወደ ኋላ ተበጥሮ ይሁን፤ እርጥብ ፀጉር ስለሚጣበቅ ሁልጊዜ የሳሳ ይመስላል፣ ስለዚህ እርጥብ «በፊት»ና ደረቅ «በኋላ» ማነጻጸር አይቻልም። በካስክ ከደረቀ በሚቀጥለውም በካስክ ይድረቅ፤ አንዱን በፔስትራ ተስቦ ሌላውን በተፈጥሮው አታንሱ። ትከሻዋ ላይ ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ጣሉ፤ ልብሷም አይታይ፣ የልብሱ ቀለምም ፊቷ ላይ አያንጸባርቅ። ግንባሩን ስታነሱ ከቅንድብ በላይ ብቻ ፍሬሙ ውስጥ አስገቡ። ዓይን ካሜራው ውስጥ ካልገባ፣ በኋላ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ከየትኛውም ማደብዘዣ የሚሻለው ይህ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ ለመድገም የካሜራውን መስመሮች አብሩና ጆሮዋ የትኛው መስመር ላይ እንደዋለ ልብ በሉ። የድሮውን ፎቶ በሌላ ስልክ ከፍታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። በተመሳሳይ ሰዓት አንሱ፤ የሐምሌ ደመናና የጥቅምት ፀሐይ ግን በሰዓት አይስተካከሉም። ጥንዱ መመሳሰሉን የምታውቁበት ቀላል ዘዴ አለ፦ ፀጉሩን ተዉትና ግድግዳውን እዩ። በአንዱ ፎቶ ነጭ፣ በሌላው ቢጫ ወይም ደመቅ ያለ ከሆነ ብርሃኑ ተለውጧል። በፀጉሩ ላይ የምታዩት ለውጥ ከሥራችሁ ይሁን ከመስኮቱ ስለማይታወቅ ድገሙት።

ስለ ጽሑፉ አንድ ነገር ልጨምር። በመጎተት የሸሸ ፀጉር ቶሎ ከተደረሰበት ሊመለስ ይችላል፤ ብዙ ዓመት ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይመለስም። «በሦስት ወር ፀጉር እናበቅላለን» ብሎ መለጠፍ የአንዷን ፎቶ ለሌላዋ ቃል ኪዳን ማድረግ ነው። «ዳሩ ሳይነካ፣ ያለ ማጣበቂያ፣ ሦስት ወር» ብሎ የተሠራውን መጻፍ ይበቃል። የፀጉሩ መርገፍ ከሕመም ወይም ከመድኃኒት የመጣ ከሆነ ደግሞ የጤና መረጃ ነው፤ ፎቶውን ብትፈቅድም ምክንያቱን አትጻፉ።

ከመውጣቱ በፊት መፈተሽ

ፊት ሳይታይ ሰው ይታወቃል። አንገት ላይ ያለ ንቅሳት፣ ማተብ፣ አንድ ለየት ያለ የጆሮ ጌጥ፣ ጉንጭ ላይ ያለ ምልክት ለጎረቤት ከስም በላይ ነው። ፎቶውን አስፍታችሁ ከጥግ እስከ ጥግ እዩት፦ መስታወት ውስጥ ቢጎዲን ጠቅልላ የተቀመጠች ሌላ ደንበኛ፣ ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ የቀጠሮ ደብተር ከነስልክ ቁጥሩ። ቪዲዮ ከሆነ ድምፁን አጥፉት፤ ከጀርባ ስለ ባሏ የምታወራዋ ሴት ምንም አልፈረመችም።

መሸፈን ካለባችሁ ቁረጡ፣ ካልተቻለም ሙሉ በሙሉ ቀለም በተሞላ ቅርጽ ሸፍኑ። ስልክ ላይ ባለው የማድመቂያ ብዕር ደጋግሞ መቀባት ጥቁር ይመስላል እንጂ ብርሃኑን ከፍ ሲያደርጉት ከሥሩ ያለው ይታያል። ቀላል ማደብዘዣም ለሚያውቃት ሰው ከመሸፈን አይቆጠርም። የተቆረጠውን ፎቶ ለሌላ ሰው ስታስተላልፉ ዋናውን ሳይሆን ስክሪንሾቱን ላኩ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ስልኮች ቆረጣውን ወደነበረበት የመመለሻ አማራጭ አብረው ይልካሉ።

ቦታን የሚናገረው መረጃ ሳሎን ውስጥ ለተነሳ ፎቶ ብዙም አያሳስብም፤ አድራሻው ያው ታፔላው ላይ አለ። ቤት ለቤት ስትሠሩ ግን ፎቶው ውስጥ የተቀመጠው የሙሽራዋ ቤት ነው። ሳምሰንግ ላይ የካሜራው ማስተካከያ ውስጥ Location tags የሚለውን አጥፉ፤ አይፎን ላይ Settings > Privacy & Security > Location Services > Camera ገብታችሁ Never አድርጉት። ቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከን ፎቶ ሲያሳንስ ይህን መረጃ ያስቀረዋል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ በፋይል ከላካችሁት ግን አብሮ ይሄዳል።

በዕለቱ አትለጥፉ። ዛሬ ጠዋት ከሳሎናችሁ ስትወጣ ያያት ሰው ማታ ቻናሉን ሲከፍት የማን ራስ እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም። ሁለት ሳምንት አቆይታችሁ፣ ከሌሎች ሥራዎች መሃል አስገብታችሁ አውጡት።

ማስቀመጡና ማውረዱ

አብዛኛው ገመና የሚወጣው ከቻናሉ ሳይሆን ከስልኩ ነው። የሳሎኑን ስልክ ሁሉም ይነካዋል፣ ጋለሪው ከባለቤቱ መለያ ጋር ተገናኝቶ ፎቶው ሁሉ እቤት ያለው ታብሌት ላይ ይወርዳል። የ«በፊት» ፎቶዎችን በቁልፍ በሚዘጋ ፎልደር አስቀምጡ፣ በራሱ የሚደረገውን ባካፕ ለዚያ ፎልደር አጥፉ። የፋይሉን ስም በደንበኛዋ ስም አታድርጉት፤ ቁጥር ስጡትና ቁጥሩ የማን እንደሆነ ደብተር ላይ ጻፉ። ያልተፈቀዱትን ፎቶዎች ሥራው እንዳለቀ ለእሷ ልካችሁ ከስልኩ አጥፉ፣ ከ«ቅርብ ጊዜ የተሰረዙ» ፎልደርም ጭምር።

በዚያው ደብተር ላይ ከቁጥሩ አጠገብ የወጣበትን ቦታ ሁሉ መዝግቡ፦ ቻናል፣ ቲክቶክ፣ የግድግዳ ባነር፣ ምርቱን ለሚያቀርብላችሁ አስመጪ የተላከ። ደንበኛዋ ከስድስት ወር በኋላ ደውላ «እባክሽ አውርጂልኝ» ስትል የምትፈልጉት ይህን ዝርዝር ነው። ምክንያት አትጠይቋት። የራሳችሁን በዚያው ቀን አውርዱ፣ አስመጪው ጋ ደውላችሁ ያውርድ፣ ባነሩ ላይ ካለች በላዩ ላይ ሌላ ለጥፉበት። ሌላ ሰው አውርዶ ያስቀመጠውን መመለስ እንደማትችሉ ደግሞ በግልጽ ንገሯት፤ ይህንኑ ፈቃድ ስትጠይቋትም ብትነግሯት ጥሩ ነው። ቲክቶክ ላይ ከመጀመሪያው ማውረድን ብትከለክሉ ነገሩ ይቀንሳል፣ ስክሪን የሚቀዳውን ግን አያስቆመውም። ሁሉም ሲያልቅ ደብተሩ ላይ በቁጥሯ አንጻር «ወርዷል» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ፣ ለእሷም በቴሌግራም አሳውቋት።